ለቪትዝ ባትሪ፦ NS60L ወይስ 55B24L? ቀኑስ እንዴት ነው የሚነበበው?

ሰብሊ_ሳሪስ · ማክሰኞ ጥር 5፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቪትዝ ናት። ሰሞኑን በጠዋት አልነሳ ብላ ቁም ስቅሌን አሳየችኝ። ቁልፉን ሳዞር "ትክ ትክ" ብላ ዝም። ዛሬም ጎረቤቴ ከሱ መኪና በኬብል ሰጥቶ አስነሳልኝ።

የድሮው ባትሪ ላይ 46B24L ይላል። ባትሪ ቤት ስሄድ ሦስት አቀረቡልኝ።

አንደኛው NS60L ነው። ርካሹ እሱ ነው። ጎኑ ላይ 170324 የሚል ቁጥር ተመቷል። ሻጩ "17 ማለት የ2017 ነው፣ ገና ትኩስ ነው" አለኝ።

ሁለተኛው 55B24L ነው። በሁለት ሺህ ብር ይበልጣል። ክዳኑ ላይ J5 ብቻ ነው ያለው።

ሦስተኛው DIN60 ይላል። "60 አምፔር ነው፣ ከሁሉም ይሄ ጉልበት አለው" ብሎ ሻጩ በጣም ወተወተኝ።

ፎቶ አንስቼ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። የቱን ልውሰድ?

---

ጃኪ_ሹፌር · ከምሽቱ 1፡58

እህቴ ይሄማ ቀላል ነው። ቁጥሩ አምፔሩ ነው። NS60 ማለት 60 አምፔር፣ 55B24 ማለት 55 አምፔር። የድሮሽ 46 ነበር። ስለዚህ NS60ው ርካሽም ነው፣ ይበልጣልም። ሻጩ 2017 ካለሽ ደግሞ ምን ትፈልጊያለሽ? እኔ ሚኒባስ ላይ N70 ነው የምጠቀመው፣ 70 አምፔር ነው፣ እንከን የለውም።

---

ኤርሚ_ቢ · ከምሽቱ 2፡05

ባትሪ ባትሪ ከምትዪ የኤሌክትሪክ መኪና ግዢና ተገላገዪ። የነዳጅ መኪና ማስገባትም እኮ ቆሟል።

---

ሰብሊ_ሳሪስ · ከምሽቱ 2፡09

@ኤርሚ_ቢ እሺ፣ ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት እገዛለሁ 😂

---

ጋሽ_ሞተሪኖ · ከምሽቱ 2፡51

ሰብልዬ፣ ሳትገዢ መመለስሽ ጥሩ ነው። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ 27 ዓመት አለፈኝ። ይሄን ጥያቄ በሳምንት ሁለቴ እሰማዋለሁ።

በመጀመሪያ ጃኪ ግማሹ ልክ ነው። N70፣ N100፣ N150 ላይ ቁጥሩ አምፔሩን ይናገራል። ከN ኋላ S ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። NS60 60 አምፔር አይደለም፣ 45 ነው። አታምኑኝም? ፎቶው ላይ ትልቁን ጽሑፍ ተዉትና ከታች ያለችውን ትንሿን አንብቡ። 12V 45AH ትላለች።

55B24Lም እንደዚሁ ነው። 55 የጉልበት ደረጃ እንጂ አምፔር አይደለም። B ማለት የሳጥኑ ስፋትና ቁመት ነው። 24 ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር ነው፣ ወደ 24 ገደማ። L ደግሞ የፖሉ አቀማመጥ ነው። ፖሎቹ ወደ አንቺ ቀርበው ስታዪው ፖዘቲቩ በቀኝ ከሆነ L ነው፣ በግራ ከሆነ R ነው። R ከገዛሽ የመኪናው ኬብል አይደርስም። አንዳንዱ እየጎተተ ያስረዋል። አንዳንዱም አሳስቶ ገልብጦ ያስርና ፊውዙን፣ ሲብስ ዲናሞውን ያቃጥላል።

ስለዚህ 46B24L፣ NS60L እና 55B24L ሦስቱም አንድ ሳጥን ናቸው። NS60L የ46B24L የድሮ ስሙ ነው። ሦስቱም 45 አምፔር ናቸው። 55ቱ ሞተሪኖውን ሲያዞር ትንሽ ይበረታል፣ ያ ነው ልዩነቱ። ዘጠኝ አምፔር የሚባል ጭማሪ የለም።

DIN60ው በእርግጥ 60 አምፔር ነው። ሻጩ እዚያ ላይ አልዋሸም። ግን ስፋቱ 17 ሴንቲ ተኩል ነው። ያንቺ ማስቀመጫ የተሠራው 13 ለማይሞላ ባትሪ ነው። አይገባም። "እናስገባዋለን" ይሉሻል። ብረቱን በመዶሻ ጠፍጥፈው፣ ማሰሪያውን ጥለው በጎማ ገመድ ያስሩታል። ከዚያ በኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ውስጡ ያለው ሳህን ይረግፋል። ሞርሴቶውም አይሆንም። ያንቺ መኪና ቀጭን ፖል ነው የሚይዘው፣ የዲን ባትሪ ፖሉ ወፍራም ነው።

የቀኑን ነገር ነገ እመለስበታለሁ። 170324ቱ ግን አልጣመኝም።

---

ጃኪ_ሹፌር · ከምሽቱ 3፡10

ጋሼ፣ አሥር ዓመት ስነዳ NS60ን 60 ነው እያልኩ ነበር 🙈 ግን የቆርቆሮ ቁራጭ ጠቅልለን ስናስረው ቀጭኑም ወፍራሙም ይሠራል እኮ።

---

ጋሽ_ሞተሪኖ · ከምሽቱ 3፡22

ወፍራም ሞርሴቶ ቀጭን ፖል ላይ ሲሆን ቆርቆሮው ይሠራል፣ እስኪላላ። ሲላላ ደግሞ "ባትሪው ሞተ" ብለህ ትመጣለህ። ፖሉን በጣቴ ነቅነቅ ሳደርገው ይነሳልሃል። ቀጭን ሞርሴቶ ወፍራም ፖል ላይ ሲሆን ግን ምን ልትጠቀልል ነው?

---

ዳኒ_ሪያድ · ረቡዕ ጥር 6፣ ከጠዋቱ 3፡30

እኔ ያለሁበት አገር ባትሪ ሁለት ዓመት ከቆየ ተመስገን ነው። ሙቀቱ ነው የሚገድለው። ስለዚህ እዚህ ቀን ሳያይ የሚገዛ የለም።

J5 ቀላል ነው። ፊደሉ ወር ነው፣ ቁጥሩ ዓመት። A ጃንዋሪ፣ B ፌብሩዋሪ እያልሽ ስትቆጥሪ J አሥረኛ ነው። ኦክቶበር 2025። በእኛ ጥቅምት 2018 አካባቢ መሆኑ ነው። ትኩስ ነው፣ ውሰጂው።

---

ጋሽ_ሞተሪኖ · ከጠዋቱ 4፡15

ዳኒ ልክ ነህ። አንድ ነገር ልጨምር። I ከ1 ጋር ስለምትመሳሰል የሚዘሏት ፋብሪካዎች አሉ። እነሱ ጋ J ሴፕቴምበር ይሆናል። ለሰብሊ የአንድ ወር ልዩነት ምንም አይደለም።

አሁን ወደ 170324። የውጭ ፋብሪካ የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ኮሪያ ወይ ህንድ ተቀምጦ "2017 ዓ.ም." ብሎ የሚመታ የለም። ስለዚህ ይሄ ቁጥር ሁለት ዓይነት ንባብ ብቻ ነው ያለው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ከሆነ ማርች 17፣ 2024 ነው። በእኛ መጋቢት 8፣ 2016። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ከሆነ ደግሞ በፈረንጅ 2017 ነው። ያ ከሆነ ባትሪ ሳይሆን ቅርስ ነው የሚሸጥልሽ።

የመጀመሪያውን እንውሰድለት። ያም ቢሆን 22 ወር ሆኖታል። አሲድ ተሞልቶ 22 ወር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ባትሪ በየጊዜው ቻርጅ ካልተደረገ ራሱን በራሱ ይበላል። ሳህኑ ላይ ነጭ ነገር ይጋገርበታል። ያ ከጠነከረ በኋላ ቻርጅ ብታደርጊውም ሙሉ አይመለስም።

ሻጩን ሌባ አላልኩም። ብዙዎቹ እውነት መስሏቸው ነው። 17 ሲያዩ 2017 ትዝ ይላቸዋል።

---

ሚሚ_ገርጂ · ከጠዋቱ 4፡40

ጋሼ፣ እኔ የገዛሁት ግን ደረቅ ነበር። አሲዱን እዚያው ዓይኔ እያየ ሞሉት። እሱም በቀኑ ይበላሻል?

---

ጋሽ_ሞተሪኖ · ከጠዋቱ 4፡52

ደረቁ ሌላ ነው። ክዳኑ እንደታሸገ ከሆነ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ዕድሜው የሚቆጠረው አሲድ ከገባበት ቀን ነው። ያን ቀን ደረሰኝሽ ላይ አስጽፊ። ሞልተው ወዲያው ሳይሆን ትንሽ አስቀምጠውና ቻርጅ አድርገው ቢሰጡሽ ይሻላል። የሰብሊ ግን የታሸገ ነው፣ ፎቶው ላይ መሙያ ቡሽ የለውም።

ሰብልዬ፣ ከኮዱ በላይ የማምነው አንድ ነገር አለ። ቴስተር። የራስሽን ግዢ፣ ርካሹም ይበቃል። የቮልት መለኪያውን 20 ላይ አድርገሽ ሁለቱን ፖል ንኪ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ካለ ጤነኛ ነው። 12.4 ካለ ሩቡ ፈሷል። 12.2 ግማሽ ነው። "አዲስ" የተባለ ባትሪ ከ12.4 በታች ካሳየ ለኔ አዲስ አይደለም።

አንድ ተንኮል አለ። ስትመጪ አይተው ቻርጀር ላይ ይሰኩትና "ይኸው 13 ይላል" ይሉሻል። ከቻርጀር የወረደ ባትሪ ለጥቂት ሰዓት የውሸት ቮልት ያሳያል። ሳትነግሪያቸው ከመደርደሪያ ላይ እንዳለ ለኪው።

ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ የራስሽን መኪና ለኪ። ባትሪው ይሁን ዲናሞው ሳይታወቅ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

---

ጨለማ_ሰፈር · ከቀኑ 6፡20

ይቅርታ ክሩን ልጠልፍ። የኔ የኢንቨርተር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ለቲቪ፣ ለዋይፋይ፣ ለላፕቶፕና ለአራት አምፖል ብዬ "200AH" የተባለ ጄል ባትሪ ገዛሁ። መጀመሪያ አምስት ሰዓት ገደማ ይሠራ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ አሁን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ኢንቨርተሩ ይጮህና ይዘጋል። ቀኑን አየሁ፣ ሲገዛ ትኩስ ነበር። ኢንቨርተሩ ነው የተበላሸው?

---

ጃኪ_ሹፌር · ከቀኑ 6፡31

የጭነት መኪና N150 ግዛና ግጠም። እኛ ጋራዥ እሱን ነው የሚጠቀሙት።

---

ቲጂ_ሶላር · ከቀኑ 7፡45

ጃኪ፣ እባክህ አታስገዛው። የመኪና ባትሪ ሳህኑ ቀጫጭን ነው። ለሦስት ሰከንድ ሞተር እንዲያስነሳ ነው የተሠራው። ማታ ማታ እስከ ታች ከቀዳኸው በጥቂት ወር ያልቃል። የጋራዡ ቀኑን ሙሉ ቻርጅ ላይ ስለሚውል ነው የሚቆየው።

@ጨለማ_ሰፈር እስቲ አብረን እናስላው። ቲቪ 80 ዋት፣ ላፕቶፕ 60፣ ዋይፋይ 10፣ አራት አምፖል በ10 ብንይዘው 40። ድምሩ 190 ዋት። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ስላለ ከባትሪው 225 ዋት ያህል ይወጣል። በ12 ቮልት ስታካፍለው 19 አምፔር ገደማ ነው። እውነተኛ 200 አምፔር ባትሪ ቢሆን አዲስ ሳለ እስከ መጨረሻው ብትቀዳው ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይሄድ ነበር። ያንተ ገና ሲጀምር አምስት ሰዓት ነው የሰጠህ። እና ኢንቨርተሩን ከመክሰስህ በፊት ባትሪውን መዝነው።

---

ጨለማ_ሰፈር · ከቀኑ 7፡50

መዝነው? በኪሎ?

---

ቲጂ_ሶላር · ከቀኑ 8፡02

አዎ በኪሎ። እርሳስ መዋሸት አይችልም። 12 ቮልት 100 አምፔር ጄል 30 ኪሎ አካባቢ ነው። 200ው 60 አካባቢ። ተለጣፊው ላይ የፈለጉትን ቁጥር ማተም ይችላሉ። እርሳስ መጨመር ግን ገንዘብ ያስወጣል። ሊቲየም ከሆነ ይሄ ሂሳብ አይሠራም፣ እሱ ቀላል ነው።

---

ጨለማ_ሰፈር · ከምሽቱ 12፡35

ወፍጮ ቤት ወስጄ መዘንኩት። የጤፍ ወረፋ ላይ ባትሪ ይዤ ስሰለፍ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። 34 ኪሎ ነው።

---

ቲጂ_ሶላር · ከምሽቱ 1፡05

110 አምፔር ገደማ ነው እንግዲህ ወንድሜ። ከአምስት ሰዓቱ ጋር ይገጥማል። 200 ነው ብለህ ስላመንክ ኢንቨርተሩ እስኪዘጋ ትጠቀማለህ። ይሄ ማለት በየቀኑ እስከ ታች ነበር የምትቀዳው። እርሳስ ባትሪ ግማሹን እየቀዳህ ብትመልሰው ነው ዓመታት የሚያገለግልህ። በዚያ ላይ መብራት ቶሎ ካልመጣ ባዶውን ያድራል። ስምንት ወር መቆየቱም ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ስትገዛ ለአራት ሰዓት ይበቃኛል ካልክ፣ 19 በ4፣ 76 አምፔር ትቀዳለህ። ግማሽ ብቻ እንድትነካ 150 ያስፈልግሃል። ግን 150 ሲሉህ "በስንት ሰዓት?" በል። ባትሪው ላይ C10 ወይም C20 የሚል አለ። C20 ማለት ቀስ ብለህ በ20 ሰዓት ብትቀዳው ነው 150 የሚሰጥህ። ያንተ አቀዳድ ፈጣን ነው፣ ለአሥር ሰዓቱ ይቀርባል። በዚያ ፍጥነት የC20ው 150 ወደ 120 ወይም 125 ይወርዳል። 150AH C10 የሚለው ግን 150ውን ይሰጥሃል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ፊታቸው ላይ ያው 150 ተጽፎ፣ ዋጋቸው ሲለያይ ሰው ርካሹን ያነሳል።

ሰብሊም ያንቺን ስታነጻጽሪ ይሄንኑ እዪ። 55B24Lሽ ላይ አንዱ ጋ 36AH፣ ሌላው ጋ 45AH ሊጽፉ ይችላሉ። አንድ ባትሪ ነው። 36ቱ በአምስት ሰዓት የተለካ ነው፣ 45ቱ በሃያ።

---

ሳሚ_ሲኤምሲ · ከምሽቱ 1፡20

ለምን ሊቲየም አትሉትም? እኔ 100 አምፔር ሊቲየም ገጥሜ ከቲጂ 150 የበለጠ ይሠራልኛል። አንድ እጄ ያነሳዋል።

---

ቲጂ_ሶላር · ከምሽቱ 1፡33

ልክ ነህ፣ 100ውን ከሞላ ጎደል ሙሉውን መቀዳት ትችላለህ። ግን የድሮ ኢንቨርተር የሊቲየም አሞላል ከሌለው ችግር ነው። ውስጡ ያለው ሴል ያገለገለ ይሁን አዲስ በዓይን አይታይም፣ በሚዛንም አይያዝም። ለኔ ዋጋው አሁንም ያከራክራል።

---

ሳሚ_ሲኤምሲ · ከምሽቱ 1፡36

ያከራክራል ሳይሆን አንተ እርሳስ ስለምትሸጥ ነው 😀

---

ሰብሊ_ሳሪስ · ሐሙስ ጥር 7፣ ከቀኑ 11፡10

ቴስተር ገዛሁ። እነሆ ውጤቱ።

የኔ መኪና ጠዋት ሳይነሳ 11.9። ጎረቤቴ ቁልፉን ሲያዞር እያየሁት 7 ገባ። በኬብል ተነስቶ ሲሠራ ደግሞ 14.1 ይላል።

ባትሪ ቤቱ ጋ ሄጄ ሳልናገር ለካሁ። ሻጩ ቴስተሩን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። NS60Lው 12.31። 55B24Lው 12.68።

---

ጋሽ_ሞተሪኖ · ከቀኑ 11፡48

ጎበዝ! እንግዲህ መልሱን ራስሽ አገኘሽው። 14.1 ካለ ዲናሞው ደህና ነው። ሞተሪኖ ሲዞር ቮልቱ ከ9 ተኩል በታች መውረድ የለበትም፣ ያንቺ 7 ገብቷል። ባትሪው ሞቷል። 12.31ዱ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ሲያረጅ የከረመ ነው። 55B24Lውን ውሰጂ።

ስትወስጂ ፖሎቹን በጣትሽ ዳብሺያቸው። ሞርሴቶ ታስሮበት ያውቅ ከሆነ ጭረት ታገኛለሽ። ያገለገለ ባትሪ አጥበው አዲስ ተለጣፊ የሚለጥፉ አሉ። ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ፖሉ ግን ያሳብቃል። ደረሰኙ ላይ J5 የሚለውንም ያስፍሩልሽ። አለበለዚያ በዋስትና ስትመልሺው "የኛ አይደለም" ይሉሻል።

---

ዳኒ_ሪያድ · ከምሽቱ 12፡20

ብራንዱን ማንም አልጠየቀም? እኔ ጀርመን ካልሆነ አልገዛም።

---

ጋሽ_ሞተሪኖ · ከምሽቱ 12፡55

ዳኒ፣ ስም ብቻ አይበቃም። ቦሽ የሚል የመኪና ባትሪ ስታይ ቦሽ ራሱ የሠራው እንዳይመስልህ። አውሮፓ ውስጥ ቫርታንም የቦሽንም የሚሠራው ክላሪዮስ የሚባል ኩባንያ ነው። ኤክሳይድ ደግሞ ስሙ አንድ ሆኖ የህንዱ ኤክሳይድና የአውሮፓው ኤክሳይድ የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። እና "ኤክሳይድ ጥሩ ነው" ሲሉህ "የቱ?" ማለት አለብህ። እኔ መጀመሪያ የማየው የት ተሠራ የሚለውን ነው። ከዚያ አስመጪው እዚህ ከተማ ዋስትና ሲጠየቅ የሚገኝ ይሁን አይሁን።

በኔ እጅ ያለፉት የኮሪያዎቹ ሮኬትና ሶላይት ጥሩ ቆይተውልኛል። የህንዱ አማሮንም አላሳፈረኝም። ሌላ ኤሌክትሪሺያን ብትጠይቅ ሌላ ይልሃል። ደግሞ አዲስ አበባ ነው ይሄን የምልህ። አፋር ላይ የሚሠራ መኪና ያው ባትሪ ዕድሜው ያጥራል። ብራንዱን አትፍረድበት።

---

ዳኒ_ሪያድ · ከምሽቱ 1፡02

በሙቀቱ ተስማምተናል። በጀርመኑ ግን አልተስማማንም።

---

አቤል_ጂፒኤስ · ከምሽቱ 2፡14

ሰብሊ፣ መኪናሽ ላይ ጂፒኤስ ወይ አላርም አለ? የኔ በሁለት ዓመት ሦስት ባትሪ በላ። ሦስቴም ብራንዱን ስሳደብ ነበር። ለካ የጂፒኤሱ ገጠማ ነው። መኪናው ቆሞ 0.3 አምፔር ይስባል። በቀን 7 አምፔር ማለት ነው። 45 አምፔር ባትሪ በአራትና አምስት ቀን እንዳያስነሳ ያደርገዋል። ለሳምንት መስክ ስወጣ ሁሌ ሞቶ ነው የማገኘው።

---

ጋሽ_ሞተሪኖ · ከምሽቱ 2፡40

አቤል ያለው እውነት ነው። መኪና ተቆልፎ ትንሽ ቆይቶ ከ0.05 አምፔር በላይ መሳብ የለበትም። ሰብሊ፣ አዲሱን ከማሰርሽ በፊት ነጋቲቩን ፈትተሽ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጊና መሃል አስገቢው። ቀዩን ገመድ ወደ 10A ቀዳዳ መቀየር አትርሺ፣ ፊውዙ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ቁልፉን እንዳታዞሪ። ከከበደሽ ወደ እኔ ይዘሻት ነዪ፣ አምስት ደቂቃ ነው።

---

ሰብሊ_ሳሪስ · ማክሰኞ ጥር 12፣ ከጠዋቱ 4፡30

እንኳን አደረሳችሁ። ከጥምቀት በፊት ነው የጨረስኩት፣ ግን ለመጻፍ አልተመቸኝም ነበር።

55B24Lውን ገዛሁ። ፖሉ ላይ ጭረት የለም። ሻጩ J5ን ደረሰኙ ላይ ሲጽፍ "ማን ነው ያስተማረሽ?" አለኝ። የሚስበውን ለካሁት፣ 0.02 ነው። አላርሜ ንጹህ ነው። ማስቀመጫው ላይ እንደ ድሮው ግጥም አለ፣ ሞርሴቶውም ያለ ቆርቆሮ ታሰረ። ለጥምቀት ጃንሜዳ ድረስ ሄደን ማታ መጣን፣ አንዴም አላመነታችም።

የድሮውን ባትሪ ባትሪ ቤቱ ሊወስደው ያሰበውን ዋጋ ስሰማ ለቆራሌው ሰጠሁት። "60 አምፔር ነው" ብዬ ዋጋ ላስጨምር ሞከርኩ። ሰውዬው ጽሑፉን ቀና ብሎም አላየው። ሚዛኑ ላይ ጣለውና "11 ኪሎ" አለኝ።

---

ጨለማ_ሰፈር · ከጠዋቱ 4፡44

ቆራሌውን ለኔም ላኪልኝ። 34 ኪሎ አለኝ።

---

ኬኔ_አዳማ · ከቀኑ 9፡15

ስለ ክሩ አመሰግናለሁ። የኔ ኮድ ከምንም አይገጥምም። ክዳኑ ላይ 5E19 ይላል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ። የቱ ነው ቀኑ? ሜይ 2015 እንዳይሆን ፈርቼ ነው።

---

ጋሽ_ሞተሪኖ · ከቀኑ 9፡50

ሁለቱንም ፎቶ አንሳና ለጥፍ። ግን መጀመሪያ ቮልቱን ለክተህ ንገረኝ።